ፊልሙ 3 ሚሊዮን 220 ሺህ ብር አስገብቶ እንዴት ከሰረ ይባላል?

የማራኪው ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሒሳቡ የገባው ሰው ቢያስረዳኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአጎቴ ጋር ሆነን እዚሁ ጎንደር የተቀረጸ አንድ ፊልም ላይ 200 ሺህ ብር አስገብተን ነበር። ብሩ የአጎቴ ነው፣ በሬ አደልቦ እየሸጠ ያጠራቀመው። «ይሁን፣ ያዋጣል» ያልኩት ግን እኔ ስለሆንኩ እንቅልፍ ያጣሁትም እኔ ነኝ።

ለፊልሙ የወጣው በጠቅላላ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ነው። በጥምቀት ሰሞን እዚህ ሲታይ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ባሕር ዳርና አዲስ አበባም ታይቷል። ከሁሉም ከተማ 28 ሺህ ቲኬት መሸጡን ፕሮዲውሰሩ ራሱ በጽሑፍ ሰጥቶናል። አንዱ ቲኬት 115 ብር ነው። ስናባዛው 3 ሚሊዮን 220 ሺህ መጣ። ወጪውን ስንቀንስ ወደ 1.9 ሚሊዮን ትርፍ ይቀራል ብለን ድርሻችንን ስንጠብቅ፣ ባለፈው ሳምንት ጠርቶን «ፊልሙ ከስሯል፣ የምከፍላችሁ የለኝም» አለን። አጎቴ «ሰርቆናል፣ እከሰዋለሁ» ብሎ ተነስቷል። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሬ በፊት ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ፦ 3.2 ሚሊዮን ያስገባ፣ 1.35 ሚሊዮን የወጣበት ፊልም በእውነት ሊከስር ይችላል?

---

ፋሲል 82

ይችላል ወንድሜ። ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ይወስዳል። ማስታወቂያም አለ፤ እሱ ከመቅረጫው በጀት ውጭ ነው የሚያዘው። ስለዚህ የፊልም ሰዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ የበር ገቢው የበጀቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ከደረሰ ፊልሙ ወጪውን መልሷል፣ ከዚያ በታች ኪሳራ፣ ከዚያ በላይ ትርፍ።

ያንተን በዚህ ስንለካው 1.35 በ2.5 ሲባዛ 3 ሚሊዮን 375 ሺህ ነው። እናንተ ያስገባችሁት 3.22 ነው። የጎደላችሁ 155 ሺህ ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ከስሯል» ማለቱ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ኪሳራ ነው። «የምከፍለው የለኝም» የሚለው አይዋጥልኝም።

---

ባለ ክሊፕ

እኔም ባለፈው ዓመት አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ሠርቼ ዩቲዩብ ላይ ጭኜ ብዙ ሰው አይቶልኛል። ከሲኒማ ቤት ጋር ግማሽ ለግማሽ ከምትካፈል ቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ብትጭነው አይሻልም? እንዴት እንደሚጫንና ክፍያው እንዴት እንደሚመጣ ካስፈለገህ አሳይሃለሁ።

---

የማራኪው ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ጥያቄዬ የት እንጫነው አይደለም። በሲኒማ ታይቶ አልቋል። የገባው ብር የት ሄደ ነው የምለው።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

የማራኪው ልጅ፣ አዲስ አበባ ለአንድ ፊልም አከፋፋይ ለዓመታት ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ያንተ ዓይነት ወረቀት ብዙ አይቻለሁና ብሩ የሚሄድበትን መንገድ ከበሩ ጀምሬ ልንገርህ። ማስታወቂያው ስንት ነው ተባልክ? አከፋፋይስ ነበረው? ሁለቱን ሳላውቅ አልመልስም።

---

የማራኪው ልጅ

እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ማስታወቂያ 380 ሺህ ይላል። አከፋፋይ አለ፣ 15 በመቶ። ሲኒማ ቤቶቹ ግማሽ ለግማሽ ይላል።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

እንግዲህ እንከተለው።

በር ላይ የተሰበሰበው 3 ሚሊዮን 220 ሺህ ነው። መጀመሪያ የሚነሳው የመንግሥት ነው። አዳራሹ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 115 ብሩ ውስጥ 15 ብሩ ቫት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ይቀንሳል። ቫቱ ግን በዋጋው ላይ የተጨመረ ስለሆነ ጠቅላላውን ለ1.15 ታካፍላለህ። የሚቀረው 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው።

ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲውሰሩ የሚካፈሉት ይህን ነው። ግማሹ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ሆነ። ከእሱ ላይ አከፋፋዩ 15 በመቶውን፣ 210 ሺህ ብር ይወስዳል። ቀረ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ። ቀጥሎ ማስታወቂያው 380 ሺህ ይነሳል። ቀረ 810 ሺህ።

በሩ ላይ 3.2 ሚሊዮን የነበረው፣ የመቅረጫውን ወጪ ሊመልስ ሲደርስ 810 ሺህ ነው። ወጪው 1 ሚሊዮን 350 ሺህ። ስለዚህ ኪሳራው 540 ሺህ ብር ነው። ፋሲል እንዳለው 155 ሺህ አይደለም። ሰውየው «ከስሯል» ሲል በዚህ በኩል አልዋሸም፤ አጎትህን እዚህ ላይ አረጋጋው።

ፋሲል፣ ያ ሁለት ተኩል የምትለው መለኪያ ከየት እንደመጣ ብታየው ጥሩ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ቫትም አከፋፋይም ባይኖር ኖሮ፣ መቅረጫውና ማስታወቂያው ተደምሮ 1 ሚሊዮን 730 ሺህ ነው፤ ግማሹ ላንተ ከሆነ በሩ ላይ 3 ሚሊዮን 460 ሺህ ያስፈልግሃል። ከበጀቱ ጋር ስታነጻጽረው ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። መለኪያው ልክ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። ቫቱንና አከፋፋዩን ስትጨምር ግን ወጪውን ለመመለስ ወደ 4 ሚሊዮን 680 ሺህ ብር፣ ከ40 ሺህ በላይ ቲኬት ያስፈልጋል። ሦስት ተኩል እጥፍ ማለት ነው።

---

ፋሲል 82

እሺ እትዬ፣ ይህ ገባኝ። ግን ሁለት ተኩል የሚለው የሆሊውድ መለኪያ ነው። እዚያ እኮ ይሠራል።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

እዚያም ግምት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስቱዲዮው በአማካይ ከበር ገቢው ግማሽ ገደማ ያገኛል። ከአሜሪካ ውጭ ከዚያ ያንሳል፤ ቻይና በድርሻ ለሚገቡ የውጭ ፊልሞች የምትሰጠው 25 በመቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ፊልሞች እኩል ብር አስገብተው አንዱ የአገር ውስጥ፣ አንዱ የቻይና ገበያ ከሆነ፣ እጃቸው ላይ የሚቀረው አንድ አይደለም። በ2012 በአውሮፓውያን ዘመን ዲዝኒ ጆን ካርተር የሚባል ፊልም አወጣ። በጀቱ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በየማራኪው ልጅ አጎት አቆጣጠር አትርፏል። ፊልሙ ከወጣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ኩባንያው ራሱ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከስርበት ለባለአክሲዮኖቹ አሳወቀ። አብዛኛው ገቢ የመጣው ከአሜሪካ ውጭ ነበር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲኒማ ቤቶች ጋር ቀረ፣ ማስታወቂያው ደግሞ ለብቻው ትልቅ ወጪ ነበር።

---

ጋሽ አዳራሽ

እኔ ለረጅም ጊዜ አዳራሽ አስተዳድሬያለሁ። ሁሌም «ሲኒማ ቤቱ ግማሹን በላው» ሲባል ያሳዝነኛል። አዳራሹ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ናፍጣው የራሱ ነው። ትኬት ቆራጭ፣ በረኛ፣ ጽዳት፣ የማሳያው መብራት ሲቃጠል መተካት፣ ይህ ሁሉ ከእሱ ግማሽ ነው። ፊልሙ ሰው ባያመጣም አዳራሹ ክፍት ነው። የማታተርፍበት ማክሰኞ ከሰዓት ለማን ነው?

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ቆሞ ያይ ነበር ብለሃል። የጎንደሩን የዕለት ወረቀት ይዘሃል? ስንት ቀን፣ ስንት ሾው፣ ስንት ቲኬት ይላል?

---

የማራኪው ልጅ

ይዣለሁ ጋሼ። የጎንደሩ ሦስት ቀን ነው፣ በቀን ሁለት ሾው። 1,950 ቲኬት ይላል። አዳራሹ 400 ወንበር ነው ብለውኛል።

---

ጋሽ አዳራሽ

ስድስት ሾው በ400 ወንበር 2,400 ነው። 1,950 ማለት በአማካይ በሾው 325 ሰው ነው። አንተ ቆሞ ሲያይ ያየኸው የትኛውን ሾው ነው? ማታውን ከሆነ ማታው ሞልቶ ከሰዓቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ በጥምቀት ሰሞን ከሰዓት ሕዝቡ ፋሲለደስ መዋኛና ታቦት አጀብ ላይ ነው፣ አዳራሽ የሚገባው ሲመሽ ነው። ስድስቱም ሾው ላይ ሰው ቆሞ ከነበረ ግን ወረቀቱ ልክ አይደለም።

ማጣራት ይቻላል። የቲኬት ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር አለው። ሾው ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ቁጥር ይመዘገባል፣ ሲያልቅ የመጨረሻው። ልዩነቱ የተሸጠው ነው። ወረቀቱ ላይ የአዳራሹና የአከፋፋዩ ሰው ሁለቱም ይፈርማሉ። የሚጭበረበረው በሩ ላይ ነው፦ በረኛው ቲኬቱን ሳይቀድ ይቀበልና መልሶ ወደ መስኮቱ ይልከዋል፣ ያው ቲኬት ሁለት ጊዜ ይሸጣል። ቁጥሩ አይጨምርም፣ ሰው ግን ይጨምራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው አከፋፋይ በሩ ላይ ሰው አቁሞ ራስ የሚያስቆጥረው። የእናንተ አከፋፋይ ሰው ልኮ ነበር?

---

የማራኪው ልጅ

ያየሁት ሁለት ማታ ነው። ከሰዓቱን አልገባሁም። በሩ ላይ የአከፋፋዩ ሰው ስለመኖሩ አላውቅም።

---

ጋሽ አዳራሽ

እንግዲያው ሁለት ማታ ብቻ አይተህ ስለ ስድስቱ አትፍረድ።

---

የቀለም ልጅ

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። ለምን ግማሽ ለግማሽ ገቡ? አዳራሹን ለምን አልተከራዩም? ኃይሌ ገሪማ፣ ይኸው የጎንደር ልጅ፣ ሳንኮፋን በ1993 በፈረንጆች ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱለትም። ዋሽንግተን ላይ ራሱ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሕዝቡን ራሱ ጠርቶ አሳየ። ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲሁ ሄደ። ኪራይ ከከፈልክ በኋላ የበሩ ብር ሁሉ ያንተ ነው። የጎንደሩን በዚህ ቢያደርጉት ጥምቀት ላይ ሀብታም ይሆኑ ነበር።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ኃይሌም የሠራው ሥራ ትልቅ ሥራ ነው። ግን በዚህ ፊልም ላይ እስኪ እንሞክረው። ጋሼ፣ በጥምቀት ሰሞን የሦስት ቀን ኪራይ ስንት ይሆናል?

---

ጋሽ አዳራሽ

እኔ በነበርኩበት አዳራሽ ከ90 ሺህ በታች አልሰጥም ነበር። ቅድሚያ ተከፍሎ ነው።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

ቫቱ ሲወጣ አንዱ ቲኬት 100 ብር ነው። በግማሽ ውል ሲኒማ ቤቱ ከአንድ ሰው 50 ብር ያገኛል። 90 ሺህ ኪራይ ማለት የ1,800 ሰው ግማሽ ማለት ነው። ከ2,400 ወንበር 1,800ው ካልሞላ ኪራዩ ይጎዳሃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠቅምሃል። እነዚህ 1,950 ሸጡ። በግማሽ ውል 97,500 አገኙ። ተከራይተው ቢሆን 105,000 ይቀርላቸው ነበር። ልዩነቱ 7,500 ብር ነው፤ በረኛና ጥበቃ ራሳቸው ቢከፍሉ እሱም ያልቃል። ደግሞ 90 ሺሁን ሰው መምጣቱን ሳያውቁ አስቀድመው ማስያዝ ነበረባቸው።

ኃይሌ የተከራየው ሌላ በር ተዘግቶበት ነው፣ ሕዝቡንም በደንብ ያውቅ ነበር። አዳራሹ እንደሚሞላ ካላወቅህ ግማሹን ማካፈል ኪሳራውንም ማካፈል ነው።

---

የቀለም ልጅ

እኔ ግን አሁንም ጥምቀት ላይ የሚያሳይ ሰው መከራየት አለበት ነው የምለው። 75 በመቶ መሙላት ጥምቀት ላይ ከባድ አይደለም፣ የከሰዓቱን ሾው ትተው ማታ ማታ ሁለት ቢያሳዩ ይሞላ ነበር።

---

ባለ ሞንታርቦ

እኔ የባጃጅ ማስታወቂያ ነው ሥራዬ። የዚህን ፊልም ሞንታርቦ ጎንደር ላይ የዞርኩት እኔ ነኝ። ቀበሌ 18፣ ማራኪ፣ አዘዞ፣ ፒያሳ ዞሬያለሁ። አራት ቀን ነው የሠራሁት፣ በቀን 3,500 ብር። የማራኪው ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ ስንት ቀን ነው የሚለው?

---

የማራኪው ልጅ

ዘጠኝ ቀን ይላል! 31,500 ብር።

---

ባለ ሞንታርቦ

እኔ 14 ሺህ ነው የተቀበልኩት። ሌላ ባጃጅም ተቀጥሮ ይሆናል፤ የራሴን ግን ነገርኩህ።

---

ፋሲል 82

በቃ፣ አጎትህ ልክ ነው!

---

ሰብለ ዘአዘዞ

ቆዩ። ልዩነቱ 17,500 ብር ነው። ይጠየቅ፣ ደረሰኝ ይምጣ፤ ሌላ ባጃጅ ነበረ ከተባለ የእሱም ደረሰኝ ይምጣ። ይህ ሙሉ በሙሉ ማጭበርበር ቢሆን እንኳ የ540 ሺህ ብር ኪሳራን ወደ ትርፍ አይለውጥም። ብዙ ሰው የማስታወቂያው ላይ ይጨቃጨቅና ትልቁን ጥያቄ ይረሳል።

ፊልሙ ከሰረ ማለት ለባለ ገንዘቦቹ የሚከፈል የለም ማለት አይደለም። እንዳሰላነው 810 ሺህ ብር ተመልሷል። 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ለገባበት 810 ሺህ ከተመለሰ እያንዳንዱ ሰው ላስገባው አንድ ብር 60 ሳንቲም ይደርሰዋል ማለት ነው። አጎትህ 200 ሺህ ካስገባ 120 ሺህ መመለስ ነበረበት። «ከሰረ» የሚለው እውነት ሆኖ «የምከፍለው የለኝም» የሚለው እውነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ 810 ሺሁ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም አለ። አከፋፋዩ 15 በመቶውን የወሰደው ከማስታወቂያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ቢሆን 153 ሺህ ነው የሚወስደው፣ 57 ሺህ ብር ይተርፋችኋል። ውሉ ምን ይላል? ባለ ክሊፕ ያነሳው ነገርም ባዶ አይደለም፤ ፊልሙ ለዩቲዩብ ወይም ለቴሌቪዥን ተሸጦ ከሆነ ያ ብር በዚህ 3.2 ሚሊዮን ውስጥ የለም።

---

የማራኪው ልጅ (በማግስቱ)

እትዬ፣ ዛሬ ስልክ ደወልኩለት፣ በክብር ጠየቅሁት። ዩቲዩብ ገና አልሸጥኩም አለ። 810 ሺሁን አልካደም። ግን ከእሱ ላይ 400 ሺሁን ለመሪ ተዋናዩና ለካሜራ አከራዩ ከፍያለሁ አለ። ቀረጻው ላይ ሳይከፈላቸው «ፊልሙ ሲወጣ» ብለው የሠሩ ናቸው። ቀሪውን 410 ሺህ ለሚቀጥለው ፊልም አስያዝኩት አለ!

---

ሰብለ ዘአዘዞ

አሁን ወደ ነገሩ ገባን። 1 ሚሊዮን 350 ሺህ የተባለው በጀት ውስጥ በጥሬ ብር የገባው 950 ሺህ፣ በዱቤ የተሠራው 400 ሺህ ነው ማለት ነው። ባለ ዱቤዎቹ አስቀድመው የሚከፈሉበት ውል አለ፣ የሠራ ሰው ደሞዝ ነውና። በዚህ ከሄድን የቀረው 410 ሺህ ለ950 ሺህ ይካፈላል፣ ለአጎትህ ወደ 86 ሺህ ይደርሳል። ሁሉም እኩል ይካፈሉ ከተባለ ደግሞ 120 ሺህ ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የፈረማችሁት ወረቀት ነው። ለሚቀጥለው ፊልም ማስያዝ ግን በሁለቱም መንገድ የእሱ ውሳኔ ብቻ ሊሆን አይችልም።

---

የማራኪው ልጅ

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። «ትርፍ ሲገኝ በድርሻችን እንካፈላለን» ብቻ ይላል። ስለ ዋናው ብር ምንም አይልም።

---

ፋሲል 82

ባለ ዱቤ መጀመሪያ መከፈሉ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም። ተዋናዩም ሲገባ ልክ እንደ አጎቱ ዕድሉን ሞክሯል። እኩል ይካፈሉ።

---

ሰብለ ዘአዘዞ

እኔ ደግሞ ሠርቶ ያልተከፈለን ሰው ወደኋላ አላደርግም። እዚህ ላይ አንስማማም ፋሲል፣ ወረቀቱም ዝም ብሏል። የማራኪው ልጅ፣ ከሽማግሌ ጋር ሂዱ። ክሱን ከማሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ የየከተማውን የዕለት ወረቀት ከነፊርማው፣ የማስታወቂያውን ደረሰኝ፣ ለባለ ዱቤዎቹ የከፈለበትን ማስረጃ።

---

ጋሽ አዳራሽ

የጎንደሩን የዕለት ወረቀት ስታመጣ ወደ እኔ ላከው። የጥራዝ ቁጥሩን ከከሰዓት ወደ ማታ ተከትዬ አይልሃለሁ፤ የማታው የመጀመሪያ ቁጥር የከሰዓቱ የመጨረሻ ቁጥር ተከታይ ካልሆነ በመካከል የጎደለ ጥራዝ አለ።

---

የማራኪው ልጅ

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ከአጎቴና ከሁለት ሽማግሌ ጋር እንሄዳለን። ወረቀቱን ካገኘሁ እዚሁ አምጥቼ እጽፈዋለሁ።